ፎሎወር ለምን ቀነሰ? ሐሰተኛ አካውንት ካጸዱ በኋላ ለደንበኛ የሚጻፍ ደብዳቤ

የአንድ ሱቅ የኢንስታግራም ገጽ ከሐሰተኛ አካውንቶች ሲጸዳ ባለቤቷ መጀመሪያ የምታየው ቁጥሩን ነው። 52,400 የነበረው ፎሎወር 34,540 ሆኗል። ስለ ጽዳቱ አስቀድሞ ተነግሯት ተስማምታም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን በዓይኗ ስታየው ግን ሌላ ነው። ለሶሻል ሚዲያ ሠራተኛ የምትከፍለው ገጹ እንዲያድግላት ነው። ጎረቤቷ ያለው ሱቅ 60 ሺህ ይላል። ዘመድ ደውሎ «ገጻችሁ ምን ሆነ?» ይላታል። ስለዚህ ነገሩ በስልክ ሁለት ደቂቃ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም። በጽሑፍ፣ ከነማስረጃው ሊደርሳት ይገባል።

እንዲህ ዓይነት ደብዳቤዎች በብዛት የሚበላሹት በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቅርታ ነው፤ ያነበበችው ደንበኛ ጥፋት ተፈጽሞባት እንደነበር ታምናለች። ሌላው ደግሞ ቅነሳውን እንደ ድል ያቀርባል። «ተሳትፎ በ48 በመቶ ጨመረ!» ይላል። ይሄኛው የባሰ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ በስሌት አሳያለሁ። ደብዳቤው ማሳየት ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ቁጥሩ ሲወርድ አብሮ ያልወረደው ምንድን ነው?

ለማስረዳት እንዲያመች አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ የምትሸጥ ነጋዴ ናት እንበል። ደንበኞቿ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን አካባቢና የዓረብ አገራት ይኖራሉ። ትእዛዝ የምትቀበለው በኢንቦክስና በስልክ ነው። ቁጥሮቹን ያዘጋጀኋቸው ለምሳሌ ነው፤ አሠራሩ ግን በማንኛውም ገጽ ላይ ይሠራል።

ደብዳቤው በቁጥሩ ይጀምር። በመግቢያ ማለሳለስ አያስፈልግም፤ ሴትየዋ ቁጥሩን አይታዋለች። «ከስድስት ሳምንት በፊት ገጽዎ 52,400 ተከታይ ነበረው። ዛሬ 34,540 ነው። ከዚህ በታች እያንዳንዱ ቁጥር የት እንደሄደ እናስረዳለን» ብሎ መጀመር በቂ ነው። ቀጥሎ ሒሳቡ ይምጣ። 14,200ውን እኛ አስወጣን። 4,300ው ሳንነካቸው ጠፉ። 640 አዲስ ሰው ገባ። 52,400 ሲቀነስ 14,200፣ ሲቀነስ 4,300፣ ሲደመር 640፣ እኩል ይሆናል 34,540። ሒሳቡ በትክክል መዝጋቱ ትልቅ ነገር ነው። ነጋዴ ሰው ሒሳብ ያውቃል። የማይዘጋ ሒሳብ ካየች ከዚያ በኋላ የተጻፈውን አታምነውም።

አሁን «14,200ው ሐሰተኛ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የደብዳቤው ልብ እዚህ ነው። ብዙ ሠራተኛ ግን «በፕሮግራም አጣርተን» ብሎ ያልፈዋል።

ትክክለኛው መነሻ ኢንስታግራም ራሱ የሚሰጠው ፋይል ነው። ማንኛውም የገጽ ባለቤት ከአካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ መረጃውን ማውረድ ይችላል። ከሚወርዱት ፋይሎች አንዱ `followers_1.json` ይባላል። ውስጡ የእያንዳንዱ ተከታይ ስምና መከተል የጀመረበት ጊዜ አለ። ኢንሳይት በሚባለው የኢንስታግራም የቁጥር መረጃ ገጽ ላይ የሚታየው የዕድገት ግራፍ ብዙውን ጊዜ ካለፉት 90 ቀናት ወደ ኋላ አይሄድም። ይህ ፋይል ግን የዛሬ ሦስት ዓመት የገባ ተከታይ ካለ ቀኑን ይነግርሃል። ለማንኛውም ጽዳት ሥራ ሳይጀመር በፊት መውረድና መቀመጥ ያለበት እሱ ነው። ያለ እሱ ደብዳቤው ባዶ ወሬ ይሆናል።

ፋይሉ በቀን ሲደረደር ነገሩ አፍጥጦ ይወጣል። ጤናማ ገጽ በቀን አሥርም ሃያም ሰው ይገባበታል፤ ለእንቁጣጣሽና ለጥምቀት ሰሞን ከፍ ይላል፤ አንድ ቪዲዮ በደንብ ሲሄድም ይዘላል። በምሳሌያችን ግን ከሁለት ዓመት በፊት በሁለት ሌሊት ብቻ 5,800 ሰው ገብቷል። በእነዚያ ቀናት የተለጠፈ አንዳች ፖስት የለም። በዓልም አልነበረም። ያለ ምክንያት የመጣ ሕዝብ ማለት ነው። ደብዳቤው ላይ ሁለቱን ቀናት በስማቸው መጥቀስ ከየትኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ባለቤቷ ያኔ ገጹን ማን ይዞት እንደነበር ታውቃለች።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ሲጽፉ ጣት መቀሰር አያስፈልግም። ሐሰተኛ ተከታይ የሚመጣው በግዢ ብቻ አይደለም። «ፎሎው አድርጉ፣ ሦስት ሰው ታግ አድርጉ፣ ቀሚስ ተሸለሙ» የሚል ውድድር ሽልማት የሚያሳድዱ አካውንቶችን በገፍ ያመጣል። ቦቶችም፣ ማለትም በፕሮግራም የሚንቀሳቀሱ አካውንቶች፣ እውነተኛ ሰው ለመምሰል ብለው ያገኙትን ገጽ ሁሉ ይከተላሉ፤ ማንም ሳይጠራቸው ይመጣሉ። በእርግጥ በሁለት ሌሊት 5,800 ሰው መግባቱ ግዢ ይመስላል። ቢሆንም የገዛው የቀድሞ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቤተሰብ ውስጥ ያለ ወጣት «ላሳድግልሽ» ብሎ አድርጎት ይሆናል። ደብዳቤው «በእነዚህ ቀናት ያለ ፖስት ብዙ ተከታይ ገብቷል» ካለ ይበቃል።

ቀጥሎ ናሙና ይወሰዳል። 52 ሺህ አካውንት አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት አይቻልም። በዝርዝሩ አናት ያሉትን አይቶ መፍረድም ስህተት ነው፤ ስልኩ ላይ ከላይ የሚመጡት የሁሉም ወካይ አይደሉም። በቀን ከተደረደረው ፋይል በየ131ኛው ያለውን ስም ካነሳን 400 ስም እናገኛለን። ናሙናው ከገጹ መጀመሪያ እስከ ዛሬ ያሉትን ተከታዮች ሁሉ ይነካል። እያንዳንዱ ይከፈትና ከሦስት አንዱ ውስጥ ይገባል፦ ግልጽ ሐሰተኛ፣ አጠራጣሪ፣ እውነተኛ። በምሳሌያችን 112ቱ ግልጽ ሐሰተኛ ሆኑ፤ ይህም 28 በመቶ ነው። 64ቱ አጠራጣሪ ናቸው። 224ቱ እውነተኛ ሰዎች ናቸው።

ናሙና ሁልጊዜ ስህተት ይኖረዋል። በ400 ሰው ናሙና ስህተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ከአራት የመቶኛ ነጥብ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ስለዚህ ለባለቤቷ የሚጻፈው «ከ12 ሺህ እስከ 17 ሺህ የሚሆነው ሐሰተኛ ነው ብለን ገመትን፤ ስም በስም ሄደን ያስወጣነው 14,200 ነው» የሚል ነው። ያስወጣነው ከግምቱ ወሰን ውጪ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ 25 ሺህ ቢሆን፣ እውነተኛ ሰው አባረናል ማለት ነበር።

ይህ አደጋ በእኛ ገጾች ላይ ከሌላው የበለጠ ነው። ሐሰተኛ አካውንት ይለያል የሚባለው የተለመደ ምልክት ብዙ ኢትዮጵያዊን ያጠፋል። ፎቶ የለውም፣ ፖስት የለውም፣ ስሙ ላይ ቁጥር ተለጥፎበታል፣ አካውንቱ ፕራይቬት ነው ይባላል። ይህ ሁሉ ግን ሪያድ ወይም ቤሩት ቤት ሠራተኛ ሆና የምትኖር እህታችንን ሊገልጽ ይችላል። ፕሮፋይሏ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ወይም የመስጊድ ፎቶ አድርጋለች። አንድም ነገር ለጥፋ አታውቅም። ኮሜንት አትጽፍም። ለእናቷ ለፋሲካ ቀሚስ የምታዘው ግን እሷ ናት፤ ክፍያውንም አዲስ አበባ ባለ ዘመድ በኩል ትልካለች። ለዚህ ሱቅ ከማንም በላይ የምታስፈልገው ደንበኛ ናት።

አገርም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ኢትዮጵያ ውስጥ ታግደው ነበር። ያኔ ብዙ ሰው ቪፒኤን ለመደ፤ ብዙዎችም እስከ ዛሬ አልተዉትም። ቪፒኤን የሚጠቀም የቦሌ ልጅ ኢንሳይት ላይ የአምስተርዳም ነዋሪ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ አንድ ምልክት አይበቃም። ቢያንስ ሦስት አብረው መገኘት አለባቸው። በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች የገባ፣ ሺዎችን የሚከተል (ኢንስታግራም የሚፈቅደው ጣሪያ 7,500 ነው)፣ እሱን የሚከተለው ግን ጥቂት የሆነ፣ ከሚከተላቸው ውስጥ አንድም ኢትዮጵያዊ ገጽ የሌለበት፤ እንዲህ ያለውን ሳይፈሩ ማስወጣት ይቻላል። አጠራጣሪዎቹን ግን መተው ይሻላል። ደብዳቤው ላይ ይህ በግልጽ ይጻፍ፦ «ከናሙናው 16 በመቶው አጠራጣሪ ነበር። አልነካናቸውም። ምናልባት ከመካከላቸው ሐሰተኛ ይኖራል። አንድ እውነተኛ ደንበኛዎን ከማጣት እነሱን ማቆየት መረጥን።» ይህን ያነበበ ሰው ሥራው በጥንቃቄ እንደተሠራ ይገባዋል።

አሠራሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር መንገር ይበቃል። ማስወጣቱ በእጅ፣ በቀን ከ300 እስከ 350 ገደማ እየተደረገ ስድስት ሳምንት ወስዷል። ፓስወርድ ተቀብሎ በአንድ ሌሊት «አጸዳለሁ» ለሚል አፕ ገጹ አልተሰጠም፤ እንዲህ ያለው አፕ የኢንስታግራምን ደንብ የሚጥስ ከመሆኑም በላይ ገጹን የሚያስዘርፈው በአብዛኛው እሱ ነው።

4,300ዎቹስ? እኛ ሳንነካቸው የጠፉት ማለቴ ነው። ኢንሳይት እዚህ ላይ አይረዳም። መከተል የተዉትንና አካውንታቸው ከነጭራሹ የጠፋውን በአንድ ቁጥር ደምሮ ነው የሚያሳየው። ሠራተኛው ይህን ካላወቀ «4,300 ሰው ጠላዎት» የሚል መልእክት ሳያስበው ይልካል። መፍትሔው ያው ፋይል ነው። ከጽዳቱ በኋላ እንደገና ይወርድና ከበፊቱ ጋር ይነጻጸራል። የጠፉት ስሞች ይታወቃሉ። ከእነሱ 200 ስም ሳይመረጥ ይነሳና ይከፈታል። በምሳሌያችን 170ዎቹ ጨርሶ አይከፈቱም። 30ዎቹ ይከፈታሉ፤ እነዚህ በራሳቸው ፈቃድ የሄዱ ሰዎች ናቸው። በዚህ ስሌት ከ4,300ው ወደ 3,650 የሚሆነው የተዘጋ አካውንት ነው። ወደ 650 የሚሆነው በፈቃዱ የወጣ ነው። ስሙን የቀየረ ሰውም «አይከፈትም» ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ቁጥሩ ግምት ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ከዚህ በፊት በነበሩት ስድስት ሳምንታት 400 ያህል ሰው ወጥቶ ከነበረ፣ 650ው ትንሽ ከፍ ያለ እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም።

አካውንቶቹን የሚዘጋው ኢንስታግራም ራሱ ነው። ደንበኛዋ «በእኔ ላይ ብቻ ነው?» ብላ እንዳታስብ አንድ ሁለት የታወቀ ታሪክ መጥቀስ ይረዳል። በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ኢንስታግራም ሐሰተኛ አካውንቶችን በአንድ ጊዜ ሲጠርግ የራሱ ኦፊሴላዊ ገጽ ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጋ ተከታይ አጥቷል። በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ትዊተር የተቆለፉ አካውንቶችን ከቆጠራ ሲያወጣ የራሱ የኩባንያው ገጽ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተከታይ ቀንሶበታል። እዚህ ላይ ግን አይብዛ። ሴትየዋ የምትጨነቀው ስለ ሽሮ ሜዳው ሱቋ ነው።

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። ከጽዳቱ በፊት አንድ ፖስት በአማካይ 340 ላይክና 21 ኮሜንት ያገኝ ነበር። በሳምንት 46 ሰው በኢንቦክስ ዋጋ ይጠይቅ ነበር። ከጽዳቱ በኋላ 331 ላይክ፣ 22 ኮሜንት፣ 47 የዋጋ ጥያቄ ሆኗል። ከሦስቱ አንዱም አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል። ከሦስት ተከታይ አንዱ ሄዶ ጠያቂው ካልቀነሰ፣ የሄደው ጠያቂ አልነበረም። ደብዳቤው ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም። ምርመራም ጭምር ነው። ላይኩ ወደ 220 ወርዶ፣ የዋጋ ጥያቄው 30 ሆኖ ቢገኝ ጽዳቱ እውነተኛ ሰው ነክቷል ማለት ነው፤ ያኔ የሚጻፈው ደብዳቤ ሌላ ነው። ላይኩ ብቻ ወርዶ ጥያቄው እንዳለ ከሆነ ደግሞ ምናልባት ላይኩም የተገዛ ነበር።

ማነጻጸሪያው ጊዜ ግን ይመረጥ። የሀበሻ ቀሚስ ወቅት አለው። ሰርግ በሚበዛበት በጥርና በሚያዝያ ሰሞን የነበረውን ከክረምቱ ወራት ጋር ካነጻጸሩት ጽዳቱ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንታት ቁጥር ካለ እሱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።

ስለ «ተሳትፎ ጨመረ» ቃል የገባሁት ስሌት ይኸው። 340 ላይክ ለ52,400 ሲካፈል 0.65 በመቶ ይሆናል። 331 ለ34,540 ሲካፈል ደግሞ 0.96 በመቶ። ከ0.65 ወደ 0.96፣ እውነትም በ48 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል። ግን ላይኩን እዩት፤ በዘጠኝ ቀንሷል። ያደገ ነገር የለም፤ ያነሰው አካፋዩ ነው። ይህን ለደንበኛ እንደ ስኬት መሸጥ ማታለል ነው። ብልህ ነጋዴ ደግሞ በሚቀጥለው ወር «48 በመቶ ካደገ ሽያጩ የታለ?» ትላለች፤ ልክ ናት። ሐቀኛው አገላለጽ እንዲህ ነው፦ «የተሳትፎ መጠኑ ከፍ ብሎ የሚታየው ተከታዩ ስላነሰ ነው። አዲሱ ቁጥር ከበፊቱ የበለጠ እውነቱን ይናገራል። ዕድገት የምንለው ከዛሬ በኋላ የሚመጣውን ነው።»

ታዲያ ማጽዳቱ ምን ጠቀመ? ሁለት ነገር እጠቅሳለሁ፤ ሁለቱም ገንዘብ ናቸው። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ነው። ለፌስቡክና ለኢንስታግራም ማስታወቂያ ስንከፍል «ተከታዮቼን የሚመስሉ ሰዎች ጋ አድርስልኝ» የሚል ምርጫ አለ። ሲስተሙ ተከታዮቹን አይቶ እነሱን የሚመስል ይፈልጋል። ከተከታዮቹ ሩብ የሚበልጠው ቦት ከሆነ የሚፈልገውም የተበላሸ ናሙና ይዞ ነው፤ ብሩ ቀሚስ ለማይገዛ ሰው ይፈስሳል። ሁለተኛው የመለጠፊያ ሰዓት ነው። ኢንሳይት ተከታዮች በየትኛው ሰዓት እንደሚበዙ ያሳያል። በምሳሌያችን ከጽዳቱ በፊት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይል ነበር። ከጽዳቱ በኋላ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆነ። ሰው ከሥራ ገብቶ፣ እራት በልቶ ስልኩን የሚከፍትበት ሰዓት ነው። ይህን የመሰለ ለውጥ ለባለቤቷ በሁለት ስክሪንሾት ጎን ለጎን ማሳየት ይቻላል።

አሜሪካ ሱቅ ላላቸው ወገኖች ሦስተኛ ምክንያትም አለ። የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ፣ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ ወይም ማወቅ ሲገባቸው ለንግድ ብለው ተከታይ መግዛትም መሸጥም ተከልክሏል። ዴቩሚ የተባለ ተከታይ ሻጭ ኩባንያ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2019 በዚሁ ኮሚሽን ተከሷል። ዋሽንግተን ወይም አትላንታ ላለ ደንበኛ የሚጻፍ ደብዳቤ ይህን ቢያነሳ ተገቢ ነው። ለሽሮ ሜዳዋ ነጋዴ ማስፈራሪያ ከመሆን አያልፍም፤ መተው ይሻላል።

ደብዳቤው ሊደብቀው የማይገባ ጉዳትም አለ። አንዳንድ ሰው አዲስ ገጽ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈትሸው የፎሎወሩን ብዛት ነው። 52 ሺህ ያለው ሱቅ 34 ሺህ ካለው የበለጠ ያምነዋል። ይህ እውነት ነው። ባለቤቷ ይህን ከጠየቀች «ምንም አይደለም» ማለት አያሳምናትም። የሚሻለው በምትኩ መተማመኛ ማቅረብ ነው፦ ቀሚሱ የደረሳቸው ደንበኞች በፈቃዳቸው የላኩት ፎቶ፣ የሱቁ አድራሻ፣ ዋጋ በግልጽ የተጻፈበት ፖስት። ገንዘብ ከዱባይ ልካ ዕቃ የምትጠብቅ ሴት ከፎሎወር ብዛት ይልቅ ይሄን ማየት ትፈልጋለች።

የሚቀረው ወደፊት ምን እንደሚጠበቅ መናገር ነው። ቁጥሩ ለጥቂት ሳምንታት መውረዱን ሊቀጥል ይችላል፤ ከአጠራጣሪዎቹ መካከል ኢንስታግራም ራሱ የሚዘጋቸው ይኖራሉ። በስህተት የወጣ ደንበኛ ካለ ደግሞ አልታገደም፤ እንደገና ፎሎው ማድረግ ይችላል። ባለቤቷ የምታውቃቸውን ደንበኞች ስም እንድታነጻጽር ያስወጣናቸው 14,200 ስሞች ዝርዝር ከደብዳቤው ጋር ይያያዝ። ከዚህ በኋላ ፋይሉ በየወሩ መጀመሪያ ይወርዳል፤ ሪፖርቱም ከፎሎወር በፊት የሳምንቱን የዋጋ ጥያቄ ብዛት ያስቀድማል። በአንድ ሌሊት ያለ ምክንያት 500 ሰው ከገባ ያን ቀኑኑ ይደወልላታል፤ ገጹን የያዙት ሰዎች ሁሉ ይጠየቃሉ፤ ፓስወርዱም ይቀየራል።